ከ12 ዓመት በታች የእግር ኳስ ቡድን፦ የዚህ ሳምንት የልምምድ ዕቅድ

ትኩረት፦ ኳስ ከመቀበል በፊት ዙሪያን ማየት። በዋና አሰልጣኙ ማስታወሻ «ቀና አይሉም» የሚለው ሁለቴ ስለተሰመረበት፣ የማዕዘን ምትና የጭንቅላት ኳሱ ለሌላ ሳምንት ይቆዩ።

ማክሰኞ፣ 60 ደቂቃ፦ 10 ደቂቃ ኳስ እየነዱ ማሟሟቅ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ 4 ቁጥር ኳስ። ቀጥሎ 25 ደቂቃ 4 ለ 1 ቅብብል፣ በ8 ሜትር ካሬ። ተቀባዩ ኳሱ ሳይደርሰው ዞር ብሎ ይመልከት፤ ከጀርባው የቆመው ረዳት በጣቱ ያሳየውን ቁጥር ጮክ ብሎ ይናገር። ልጆቹ ይህን ስለሚወዱት አታሳጥሩት። ቀሪው 4 ለ 4 ጨዋታ፣ በትንንሽ ጎሎች። በየመሃሉ ውሃ።

ሐሙስ፦ ያው ቅብብል፣ 4 ለ 2፣ በ10 ሜትር ካሬ። «የቅጣት ሩጫ» የሚለውን ከዕቅዱ አውጥተነዋል፤ የተሳሳተ ልጅ ወዲያው ደግሞ ይሞክር።

ቅዳሜ፣ ግጥሚያ፦ ሁሉም ቢያንስ ግማሹን ጊዜ ይሰለፉ።