ለሚጣ፦ መጀመሪያ ፋውንዴሽኑን ግዥ

ሄሎ ሚጣዬ፣ እንዴት ዋልሽልኝ? ጠዋት የላክሽውን ፎቶ አሁን ነው ያየሁት፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ጽፌ ከምጨርሰው በድምፅ ልንገርሽ ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን እስከ መጨረሻው ስሚኝ፣ ግማሹን ሰምተሽ ወደ ሱቅ እንዳትሮጭ።

ያን ባለ ብዙ ቀለም የአይሻዶ ሳጥን አሁን አትግዥው። ያምራል፣ አውቃለሁ፣ እኔም ሳየው ልቤ ደንገጥ ብሏል። ግን ያለሽ አራት ሺህ ብር ነው፣ እሱ ብቻውን ግማሹን ይወስድብሻል፣ ከዚያ ሁሉ ቀለም ደግሞ ለአክስታችን ልጅ ሰርግ ሚዜ ስትሆኚ የምትነኪው ሦስቱን ነው። ቡናማውን፣ ወርቃማውን፣ ከዚያ ለዓይንሽ ጥግ ጠቆር ያለውን። ሦስቱም የኔ ሳጥን ውስጥ አሉ። አርብ ከባሕር ዳር ስመጣ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ብሩሾቹንም አጥቤ።

እኔ የምልሽ፣ ከኔ መዋስ የማትችይውን መጀመሪያ ግዥ። አይሻዶ ትዋሻለሽ። ፓውደርም ቢሆን የኔ ቀለም የሌለው ስለሆነ ትዋሻለሽ። ፋውንዴሽን ግን እንዴት ብለሽ ትዋሽኛለሽ? እኔ ጠይም ነኝ፣ አንች ቀይ ዳማ ነሽ። የእማዬን ልጆች ጎን ለጎን አቁሚያቸው፣ ሁለታችንን በአንድ ጠርሙስ የሚቀባን የለም። ስለዚህ ከብሩ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው የፋውንዴሽኑ ነው። የተረፈው ለሌላው።

ይኼን አጥብቄ የምነግርሽ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። የዛሬ ስድስት ዓመት የጓደኛዬ ሚዜ የሆንኩ ጊዜ፣ አንች ገና ትንሽ ነበርሽ፣ ቀሚሱን እንጂ ሌላውን አታስታውሽውም። ሰርጉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ከመሸ በኋላ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጯ እጄ ላይ ቀባችልኝና «አንድ ደረጃ ቀላ ያለውን ውሰጂ፣ ለሰርግ ያደምቅሻል» አለችኝ። በዚያ ነጭ መብራት ሥር ቆንጆ ነበር። በሰርጉ ዕለት ለፎቶ ፋሲለደስ መዋኛ ሄድን፣ ፀሐዩ ቦግ ብሏል፣ ፊቴ አመድ የተነፋበት ይመስላል፣ አንገቴ ሌላ፣ እጄ ሌላ። ማንም ምንም አላለኝም፣ ሰው ደስታ ላይ ነው። ፎቶው ሲመጣ ግን አለቀስኩ። እስካሁን ያን አልበም ስገልጠው የኔ ገጽ ላይ ስደርስ ቶሎ አልፈዋለሁ። አንች ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ነገ ክፍል የለሽም አይደል? ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ፊትሽን ታጥበሽ ምንም ሳትቀቢ ፒያሳ ውጭ። አንድ ሱቅ ላይ አትቁሚ፣ ሁለት ሦስቱን ጠይቂ። ለሙከራ የከፈቱት ካላቸው እጅሽ ላይ እንዳይቀቡሽ፣ የእጃችን ቀለምና የፊታችን አንድ አይደለም፣ እጃችን ፀሐይ ሲመታው የሚውል ነው። መንጋጋሽ ላይ፣ ፊትና አንገት የሚገናኙበት፣ ሦስት የሚቀራረቡ ቀለሞችን በሰረዝ በሰረዝ ቀቢያቸው። ከዚያ ከሱቁ በር ውጭና በመስታወት እይው። የበራው አይደለም ያንችው፣ የጠፋው ነው። ቆዳሽ ውስጥ ገብቶ የት እንዳለ ያጣሽው ሰረዝ፣ እሱ ነው።

ወዲያው ደግሞ ብር አትክፈይ። ሃያ ደቂቃ ጠብቂ። እዚያው አካባቢ አንድ ማኪያቶ ጠጭና ተመልሰሽ እይው፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ፋውንዴሽን አየርና የፊት ወዝ ሲያገኘው እየጠቆረ ወይ ወደ ብርቱካን እየሄደ ይመጣል። ስትቀቢው ልክ የነበረው ከደቂቃዎች በኋላ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሌላው ነገር፣ ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ሥሩንም እይ። አንዱ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ሮዝ። አንች ወደ ቢጫው ነሽ፣ ወርቅ ሲያምርብሽ አላየሁም እንዴ! ሮዝ ያለበትን ከቀባሽ ግራጫ ያደርግሻል። በሁለት ቀለም መሀል ከተቸገርሽ ጠቆር ያለውን ውሰጅ። ጠቆር ያለውን በትንሽ ቅባት ማሳሳት ይቻላል፣ የነጣውን ግን ምንም አታደርጊውም።

ሻጮቹ «ቀላ ያለው ይሻልሻል» ይሉሻል፣ ለሁሉም ነው የሚሉት። እሺ እንዳትያቸው። የምንቀባው ቀይ ለመምሰል አይደለም የኔ እህት። መልክሽን ነው ማሳመር የምንፈልገው እንጂ በሌላ መልክ መተካት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይኼን በደንብ ስሚኝ። ባለፈው ጓደኛሽ ስለነገረችሽ የማንጫ ክሬም ያነሳሽልኝ ነገር ከጆሮዬ አልጠፋም። እንዳትነኪው። ገበያ ላይ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ከሚሸጡት ውስጥ ስቴሮይድ ወይም ሃይድሮኪኖን የሚባሉ መድኃኒቶች ያለባቸው አሉ፣ አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ መኖሩ እንኳን አልተጻፈም። መጀመሪያ ላይ ፊትሽ የጠራ ይመስልሻል። ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ ፀሐይ ሲነካው ይቃጠላል፣ ብጉር ይወጣል፣ ስታቆሚው ደግሞ ይብስበታል። የጎንደርን የጥር ፀሐይ ታውቂዋለሽ፣ ከፍታ ላይ ነን፣ ጠዋት ብርድ ነው ብለሽ ስትወጭ ስድስት ሰዓት ላይ ይፈጅሻል። በሳሳ ቆዳ ያን ፀሐይ መቆም ሞኝነት ነው። ለነገሩ ለሰርጉ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፣ አሁን አዲስ ነገር ፊት ላይ የሚጀመርበት ጊዜ አይደለም። የለመድሽውን ቅባት ማታና ጠዋት ተቀቢ፣ ውሃ ጠጭ፣ በቃ።

ፋውንዴሽኑንም ቢሆን ገዝተሽ እንደመጣሽ ፊትሽን ሙሉ አትቀቢው። ትንሽ ከጆሮሽ ጀርባ ቀብተሽ ሁለት ቀን ተዪው። ካላሳከከሽና ካልቀላ ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ፊትሽን ቀብተሽ ክፍል ግቢ፣ ማታ ድረስ እንዴት እንደሚሆን እይው። እና ደግሞ ስትገዥ ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን አረጋግጭ። ጀርባው ላይ ክዳኑ የተከፈተ የዕቃ ሥዕል አለች፣ ውስጧ 6 ወይ 12 ይጻፋል፣ ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል ነው የምትነግርሽ። ጽሑፉ የተፋቀ ከሆነ፣ ወይ ስትከፍችው የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ መልሽላቸው።

ሁለተኛው ማስካራ ነው። ይኼንንም የራስሽን ግዥ፣ ውሃ የማያስለቅቀውን። የአክስታችን ልጅ ከቤት ስትወጣ አንች የማታለቅሽ መስሎሻል? አብራችሁ ነው ያደጋችሁት። እነ እትዬ ገና ዘፈኑን ሲያነሱት ነው እንባሽ ዱብ ዱብ የሚለው። በዚያ ላይ የዕጣኑ ጭስ አለ፣ የጓዳው እንፋሎት አለ። ተራው ማስካራ ከሆነ ጉንጭሽ ላይ ይወርዳል፣ ነጭ ቀሚስ ነው የለበስሽው። ማታ ስታስለቅቂው ግን እንዳትፈትጊው፣ ጥጥ ላይ ትንሽ ዘይት አድርገሽ ዓይንሽ ላይ አቆይው፣ ራሱ ይለቃል።

ማስካራ ከማንም እንዳትዋሽ፣ ለማንምም እንዳታውሽ። ከኔም ቢሆን። የዓይን በሽታ በዚያች ብሩሽ ሊዛመት ይችላል፣ ሚዜዎቹ ሁሉ በአንድ ማስካራ ስትቀባቡ ነገ ሁላችሁም ዓይናችሁ ቀልቶ ለመልሱ ትቀርባላችሁ። የተከፈተ ማስካራ ሦስት ወር ነው ዕድሜው፣ ዶርም ውስጥ ያለችው አሮጌዋ ትጣል። ከገበያ በብልቃጥ ስለሚሸጠው ኩልም ጠይቀሽኝ ነበር። አንዳንዱ ኩል ውስጥ እርሳስ፣ ያ ብረቱ፣ ይገኝበታል፣ ምን እንዳለበት ካላወቅሽ ዓይንሽ ውስጥ አታስገቢው።

ከዚያ ሊፕስቲክ። አንዱ ይበቃሻል። ጥለቱ ወይን ጠጅ ስለሆነ እሱን የሚቀርብ፣ ግን ትንሽ ቡናማ ያለበት ይሁን፣ ላንች ቀይ የሚጮኸው አይሄድሽም፣ ለእማዬ ሰርግ አልበም ነው የሚሄደው እሱ። ደረቁን፣ የማይላቀቀውን ግዥ። ጉርሻ አለ፣ ዶሮ አለ፣ ጠላ አለ፣ የሚያብረቀርቀው አንድ ጉርሻ አይችልም። ደረቁ ደግሞ የተሰነጠቀ ከንፈር ያጎላል፣ በጥር የሁላችንም ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምረሽ ቫዝሊን ቀብተሽ ተኝ።

ብር ከተረፈሽ አንድ ስፖንጅ። እርጥብ አድርገሽ ጨምቀሽ መታ መታ እያደረግሽ ተቀቢበት፣ አትጎትችው፣ በተጠቀምሽ ቁጥር በሳሙና እጠቢው። ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍቱን፣ ሃይላይተሩን፣ ያን ሁሉ ተይው። የራስሽ ሽፋሽፍት ይበቃል።

ውይ አንድ ነገር ረሳሁ። ፓውደር ፊትሽ ላይ እንዳታበዥ። አዳራሽ ውስጥ እስክስታ ስትመቺ ፊትሽ ወዝ ያወጣል፣ ያኔ ሶፍት ጫን አድርገሽ ታነሽዋለሽ እንጂ ፓውደር ላይ በላይ አትደራርቢም። በተለይ ነጩ ፓውደር፣ በዓይን ሲያዩት ምንም የለም፣ ማታ የካሜራው ፍላሽ ሲበራ ግን ግንባርና ከዓይን ሥር ያለው ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ነጭ የሚያደርግ የፀሐይ መከላከያም እንደዚያው ነው። ቀን ለፎቶ ስትወጭ መከላከያውን ቀቢ፣ ለማታው ግን ታጥበሽ እንደ አዲስ እንቀባሻለን፣ እኔ አለሁ። ቀብተሽ ከመወሰንሽ በፊትም በስልክሽ ፍላሽ አብርተሽ አንድ ፎቶ ተነሽ፣ የሚያሳይሽ እሱ ነው።

እንሶስላውን እትዬ ታዘጋጃለች፣ ስለሱ አታስቢ። ጥቁር ሂና የሚሉትን ግን እምቢ በያቸው፣ የጸጉር ቀለም ተቀላቅሎበት እጅ የሚያቃጥል አለ።

በይ እንግዲህ፣ ነገ ከሱቁ በር ላይ ሦስቱን ሰረዝ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ያለ ፊልተር፣ ፊትሽን ወደ ብርሃኑ አዙረሽ። እኔ ሳላየው እንዳትከፍይ። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ስልኬን እጄ ላይ ይዤ እጠብቅሻለሁ። እማዬን ሳሚልኝ።