የውስጥ ማስታወሻ፦ በቃሊቲው የእሳት አደጋ የሽፋን ደብዳቤ ረቂቅ ላይ የተሰጠ የሕግ አስተያየት

ቀን፦ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለ፦ የካሳ ክፍል ኃላፊ
ከ፦ የሕግ አገልግሎት ክፍል
ጉዳዩ፦ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በቃሊቲ የቤት ዕቃ ማምረቻ ድርጅት ላይ ስለደረሰው ቃጠሎ

ትናንት የላኩልኝን ረቂቅ ከፖሊሲው፣ ከሰርቬየሩ ሪፖርትና ከፎቶዎቹ ጋር እያስተያየሁ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለደንበኛው ቶሎ መልስ ለመስጠት መጣደፍዎ ተገቢ ነው። ሰውየው ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ ሠራተኞቹንም አላሰናበተም። ይሁንና ደብዳቤው እንዳለ ከወጣ መክፈል የማይገባንን እንድንከፍል ሊያደርገን ይችላል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ለእሱ የሚገባውን ይነፍገዋል።

ከመጀመሪያው መስመር ልጀምር። «የካሳ ጥያቄዎን ተቀብለናል» ይላል። እርስዎ ለማለት የፈለጉት ማመልከቻው ደርሶናል ነው። አንባቢው ግን «ተስማምተናል» ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም፣ ቃሉ ሁለቱንም ይሸከማል። ቀደም ሲል በሠራሁበት ቦታ ይህችው ቃል ፍርድ ቤት ተነብባብን ነበር። የተቃራኒው ጠበቃ ደብዳቤውን ከፍ አድርጎ «ተቀብለናል ብላችኋል፣ አሁን ደግሞ ምኑን ነው የምትክዱት?» ሲለን አጥጋቢ መልስ አልነበረንም። ጉዳዩ በሌላ ማስረጃ ቢቋጭም የፈጀው ጊዜ ብዙ ነው። «ማመልከቻዎ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ደርሶናል» ይበቃል።

የቃሉ ክብደት እዚህ ብቻ አያበቃም። በንግድ ሕጉ ቁጥር 674 መሠረት ከመድን ውል የሚመነጭ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1851 ግን ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን የይርጋው ጊዜ ይቋረጣል ይላል። ስለዚህ «ተቀብለናል»ም ሆነ በአራተኛው አንቀጽ ያለው «ክፍያው እንደሚፈጸምልዎ እናረጋግጣለን» ያልወሰንነውን ዕዳ እንዳመንን ተቆጥሮ ሊጠቀስብን ይችላል። የምናምነውን ቁጥር በቁጥሩ እንመን፣ ከዚያ ያለፈውን አንንካ።

ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «በፖሊሲው የተመዘገቡ ማሽኖችና ሸቀጦች ላይ የደረሰው ጉዳት በሙሉ ይሸፈናል» የሚል አለ። «የተመዘገቡ» የሚለው ማሽኖቹን ብቻ ነው የሚገልጸው ወይስ ሸቀጦቹንም? በዝርዝሩ ላይ ያሉት ሸቀጦች ጥሬ ጣውላና ያለቁ ዕቃዎች ናቸው። ለጥገና ከደንበኞች የተረከባቸው ሶፋዎች የሉበትም፣ እነሱም ተቃጥለዋል። ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ከቀረ ስለ ሶፋዎቹ የሚነሳው ክርክር በእኛ ላይ እንደሚያጋድል አልጠራጠርም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1738 በአንዱ ወገን ተዘጋጅቶ የቀረበ ቅጽ ሲያጠራጥር ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ እንዲተረጎም ይላል። ደብዳቤያችን ራሱ ውል ባይሆንም ዳኛው በዚያው መነጽር እንደሚያየው አስበን እንጻፍ።

«በሙሉ» የሚለው ቃል ደግሞ ከሒሳቡ ጋር ይጋጫል። ሸቀጡ የተመደነው በ8,000,000 ብር ነው፣ ሰርቬየሩ በቃጠሎው ዕለት የነበረውን ዋጋ 10,000,000 ብር አድርጎታል። በፖሊሲው ላይ የአቨሬጅ አንቀጽ ስላለ ከ3,200,000 ብር ጉዳት የእኛ ድርሻ 80 በመቶው፣ ማለትም 2,560,000 ብር ነው። ደንበኛው ራሱ የሚሸከመው 5 በመቶ (128,000 ብር) ሲቀነስ 2,432,000 ብር ይቀራል። ረቂቁ ግን «እስከ 3,200,000 ብር» ይላል። «እስከ» ለእኛ ጣሪያ ነው፣ ለተቀባዩ ግን ተስፋ ነው። ሒሳቡን በደብዳቤው ላይ ደረጃ በደረጃ እናስቀምጥለት፣ የማይስማማበት ቦታ ካለ የቱ ላይ እንደሆነ ይንገረን።

አሁን ወደ ሦስተኛው አንቀጽ። «በኤሌክትሪክ ብልሽት የደረሰ ጉዳት በሽፋኑ አይካተትም» ተብሏል። ይህን አንቀጽ ሳነብ ቆሜ ቀረሁ። የቃጠሎው ምክንያት እኮ የመሰንጠቂያ ማሽኑ ሾርት ማድረጉ ነው! ቃል በቃል ከተወሰደ መላው ጉዳት ከሽፋን ይወጣል፣ ሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ ይሸፈናል ይላል። የፖሊሲው ማግለያ እንዲህ ሰፊ አይደለም። የሚያገለው ሾርቱ የተነሳበትን ዕቃ ራሱን ነው፣ እሳቱ ከዚያ ወጥቶ ያቃጠለው ይሸፈናል። በሰርቬየሩ ሰባተኛ ፎቶ ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፦ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ቀልጦ ጠቁሯል፣ ከጎኑ ያለው መላጊያ ማሽን ግን ከላይ ወደ ታች ነው የተቃጠለው። ስለዚህ ከ1,150,000 ብሩ የማሽን ጉዳት የምናወጣው የሞተሩንና የመስመሩን 240,000 ብር ብቻ ነው። ከቀሪው 910,000 ብር 5 በመቶው (45,500 ብር) ሲነሳ 864,500 ብር እንከፍላለን። ማሽኖቹ ከዋጋቸው በታች ስላልተመደኑ አቨሬጅ አይነካቸውም።

አምስተኛው አንቀጽ አጭር ነው፦ «የጎረቤትዎንም ጉዳት እናየዋለን።» በአማርኛ «አየዋለሁ» ማለት ሁለት ነገር ነው። እመረምረዋለሁም ነው፣ ችግሩን እኔ እወጣዋለሁም ነው። ይህ ፖሊሲ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ሽፋን የለውም። ዓረፍተ ነገሩ ይውጣና በምትኩ «የጎረቤት አጥር ጉዳት በዚህ ፖሊሲ አልተሸፈነም» ብለን በግልጽ እንንገረው። «ተጓዳኝ ወጪዎች» የሚለውም ይሰረዝ። ፍርስራሽ ማንሻ በፖሊሲው ስላለ በስሙ ይጠራ፣ የቀረ ትርፍ ግን የለም። «በአጭር ጊዜ» የሚለው ደግሞ «የስምምነት ሰነዱን ፈርመው ካስረከቡ በኋላ በ15 የሥራ ቀናት» ይባል፣ የፋይናንስ ክፍሉ ይህን አረጋግጦልኛል።

አንድ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ አለ። ፖሊሲው የእሳት ማጥፊያዎቹ በየዓመቱ እንዲፈተሹ ያስገድዳል። በፎቶው ላይ በአንዱ ማጥፊያ የተንጠለጠለችው ካርድ ሐምሌ 2015 ትላለች። ረቂቁ ስለዚህ ዝም ብሎ መጨረሻው ላይ «ሌሎች መብቶቻችን እንደተጠበቁ ሆነው» ይላል። የትኛው መብት? ለምን? በዝምታ ከፍለን በኋላ ብናነሳው ትታችሁት ነበር እንባላለን። በደፈናው ይዘነው ብንከርም ደንበኛው የማያውቀው ሥጋት ተንጠልጥሎበት ይኖራል። የእኔ አስተያየት እንዳናነሳው ነው። ሰርቬየሩ እንደጻፈው የጥበቃ ሠራተኛው ጢሱን ሲያይ እሳቱ ጣሪያ ደርሶ ነበር፣ የተፈተሸ ማጥፊያም ቢኖር ውጤቱን አይለውጠውም። ውሳኔው ግን የሥራ አመራሩ ስለሆነ ደብዳቤው ሳይወጣ በጽሑፍ ይወሰን።

ዋናው አንቀጽ እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ፦

«በፖሊሲው ዝርዝር ላይ ለተጻፉት ሸቀጦች 2,432,000 ብር፣ በዚያው ዝርዝር ላይ ለተጻፉት ማሽኖች 864,500 ብር፣ በድምሩ 3,296,500 ብር ለመክፈል ወስነናል። ስሌቱ ተያይዟል። የመሰንጠቂያው ሞተርና መስመሩ፣ ለጥገና የተረከቧቸው የሌሎች ሰዎች ዕቃዎችና የቀረ ትርፍ አልተካተቱም፤ ምክንያታቸው በየስማቸው ፊት ተጽፏል። የፍርስራሽ ማንሻ ወጪ ደረሰኝ ሲቀርብ በፖሊሲው ጣሪያ ልክ ለብቻው ይታሰባል። በስሌቱ ካልተስማሙ ማስረጃዎን አያይዘው ይጻፉልን፣ መልሰን እንመረምራለን።»

የሥራ አመራሩ ስለ ማጥፊያዎቹ ከወሰነ ሐሙስ ጠዋት የተስተካከለውን ይላኩልኝ፣ በዚያው ቀን አንብቤ እመልሳለሁ። እስከዚያ ደንበኛው ስልክ ቢደውል እባክዎ ቁጥር አይንገሩት፤ ጉዳዩ በዚህ ሳምንት መልስ እንደሚያገኝ ብቻ ይንገሩት።

ከፍተኛ የሕግ ባለሙያ