ጉዳዩ፦ ዘግይቶ ስለደረሰው ዱቄት ይቅርታ ስለመጠየቅ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ደንበኛችን
ሐረር

ሐሙስ ንጋት ዳቦ ቤትዎ መድረስ የነበረበት 60 ኩንታል ዱቄት ቅዳሜ ከሰዓት በመግባቱ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። መኪናችን ደንገጎ ዳገት ላይ መበላሸቱ እውነት ነው። ሆኖም ወዲያው ብንደውልልዎ ኖሮ ከሌላ ቦታ ዱቄት ይፈልጉ ነበር። ያልደወልነው እኛ ነን፤ ይህን በመኪናው አናሳብብም። አርብ ጠዋት ሰው ዳቦ አጥቶ ከደጅዎ መመለሱን ሰምተን አፍረናል።

የዚህን ጭነት የማጓጓዣ ሂሳብ አንጠይቅም። በውድ የገዙት ዱቄት ካለም ደረሰኙን ይላኩልን፤ ልዩነቱን ከቀጣዩ ክፍያዎ እንቀንሳለን። ከእንግዲህ ጭነትዎ ረቡዕ ማታ ከዚህ ይነሳል፤ መንገድ ላይ ችግር ከገጠመ ሾፌሩ ራሱ ይደውልልዎታል። በሚመጣው ሐሙስ እኔም አብሬ እመጣለሁ፤ ወቀሳ ካለዎት ፊት ለፊት ልስማው።

ከአክብሮት ጋር
የዱቄት ፋብሪካው የሽያጭ ኃላፊ