ለናሆም እናትና አባት፦ ስለ ምርመራው ውጤት

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ የናሆም እናትና አባት፣

ጤና ይስጥልኝ። ሐሙስ ዕለት በቃል ያወራነውን ቤት ሆናችሁ ረጋ ብላችሁ እንድታነቡት በጽሑፍ ልኬላችኋለሁ። ለአያቱም አንብቡላቸው። እሳቸውም ብዙ ተጨንቀዋል።

ዋናውን ላስቀድም። ናሆም ሰነፍ አይደለም። አእምሮውም ደህና ነው። ያለበት ዲስሌክሲያ የሚባል የንባብ ችግር ነው። ከመማር ችግሮች አንዱ ሲሆን ብዙ ልጆች ላይ ይታያል።

ዓይኑና ጆሮው ቀደም ብለው ተመርምረው ደህና ናቸው። እኔ ጋ በመጣባቸው ሦስት ቀናት አንድ ተረት አነበብኩለትና አሥር ጥያቄ ጠየቅኩት። ዘጠኙን መለሰ። አሥረኛውን ደግሞ «ጥያቄው ልክ አይደለም» ብሎ ተከራከረኝ፤ እውነቱን ነበር። ተመሳሳይ ተረት ራሱ እንዲያነብ ስሰጠው ግን በደቂቃ 14 ቃል ብቻ አነበበ፣ ከጥያቄዎቹም የመለሰው ሦስት ነው። ለሦስተኛ ክፍል ይህ በጣም ዝቅተኛ ነው። መምህርቱ «መጽሐፉን ያነባል እኮ» ያሉት ለምን እንደሆነም ገባኝ። ገጾቹን በቃሉ ሸምድዷቸዋል! አዲስ ገጽ ሲሰጠው ነው የሚቆመው።

ችግሩ የት ጋ እንደሆነ በምሳሌ ላስረዳ። ‹ቡና› እና ‹ቤት› የሚጀምሩት በአንድ ድምፅ ነው ወይ ስለው «አይደለም» አለኝ። አእምሮው ቃልን ወደ ትናንሽ ድምፆች መበተንና ድምፁን ከፊደሉ ጋር ማገናኘት ይከብደዋል። የእኛ ፊደል ደግሞ ከ200 በላይ ቅርጽ አለው። ቡ እና ቢን የሚለያቸው ጭረቷ መሃል ወይም ታች መሆኗ ብቻ ነው። ሌላው ልጅ ሳያስበው የሚያልፈውን ናሆም እያንዳንዷን ይታገላታል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደክሞትና ተነጫንጮ የምታገኙት ለዚህ ነው።

«ምን አጥፍተን ነው?» ብላችሁኝ ነበር። ምንም። አስተዳደጋችሁ ወይም ቴሌቪዥን ያመጣው አይደለም። ብዙ ጊዜ በዘር ይወርዳል። አባቱ በሩ ላይ ቆመው ስለ ራሳቸው የትምህርት ዘመን የነገሩኝን አልረሳሁትም። በዚያን ጊዜ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ለናሆም ግን ገና በዘጠኝ ዓመቱ ደርሰንለታል።

መድኃኒት የለውም፤ ቫይታሚን ገዝታችሁ ገንዘብ አታባክኑ። ጸበል መሄዳችሁን አልከለክልም፣ ትምህርቱ ብቻ አይቋረጥ። የሚረዳው ድምፅንና ፊደልን ከሥሩ፣ በቅደም ተከተል፣ ደጋግሞ ማስተማር ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከእኔ ጋር ይሠራል። ቤት ውስጥ ደግሞ በቀን 15 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከዚያ አታስበልጡ። በአንድ ጊዜ የአንድ ፊደል ቤተሰብ ብቻ ውሰዱ። ትሪ ላይ አሸዋ ወይም ዱቄት አድርጋችሁ በጣቱ እየጻፈ ድምፁን ጮክ ብሎ ይበለው። ማታ ማታ እናንተ አንብቡለት፤ ተረት ይወዳል፣ ዕውቀቱም ንባቡን እየጠበቀ መቆም የለበትም። ሲሳሳት መቆጣትና ከእህቱ ጋር ማወዳደር ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

ለትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ደብዳቤ አያይዣለሁ። ሳይዘጋጅ ክፍል ፊት ጮክ ብሎ እንዳያነብ፣ በፈተና ተጨማሪ ሰዓት እንዲያገኝ፣ በሳይንስ መልሱን በቃል እንዲናገር ጠይቄያለሁ። ይህ ውለታ ወይም ማዳላት አይደለም፤ መነጽር ለሚያስፈልገው ልጅ መነጽር እንደመስጠት ነው። ‹እምቢ› ካሉ ደውሉልኝ፣ አብረን እንሄዳለን።

የማይሆን ተስፋ አልሰጣችሁም። ችግሩ ጨርሶ አይጠፋም፤ ሲያድግም ከሌላው ዘገም ብሎ ሊያነብ ይችላል። ግን ማንበብ ይችላል። በሚቀጥሉት ስድስት ወራት የምንለካው ከራሱ ጋር ነው፣ ከክፍሉ ልጆች ጋር አይደለም። በግንቦት ደግመን እንመረምረዋለን። እንግሊዝኛው ላይም ተመሳሳይ ችግር ይኖራል፣ እሱን ቀስ ብለን እንደርስበታለን።

ለራሱ ምን እንንገረው ላላችሁት፣ እኔ ብሆን እንዲህ እለዋለሁ፦ «ጭንቅላትህ ጎበዝ ነው። ፊደል ግን ለአንተ በሌላ መንገድ ነው የሚገባህ፤ መንገዱን አብረን እንማራለን።» ትልቅ ጉዳይ አድርጋችሁ አታስቀምጡት። ወጥ እየተሠራ ወይም ታክሲ ስትጠብቁ ጣል አድርጉለት።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እጠብቃችኋለሁ። የአማርኛ ደብተሩን ያምጣ። የሽቦ መኪናውንም እንዳይረሳ ንገሩልኝ፤ መሪው እንዴት ጎማውን እንደሚያዞር ሊያሳየኝ ቃል ገብቶልኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰላማዊት
የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ