ከረጅሙ የሌክቸር ቪዲዮ የተመደበላችሁን ደቂቃ ብቻ ስለመቁረጥ

ውድ ተማሪዎች፣

5ኛው የፎቶሲንተሲስ ሌክቸር 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ስለሚረዝም፣ እያንዳንዱ ቡድን ማጠቃለያ የሚጽፍበትን ክፍል ብቻ ቆርጦ ከጽሑፉ ጋር ያስገባል። ባለፈው ጊዜ ሁለት ቡድኖች ሙሉውን ቪዲዮ «ከ42ኛው ደቂቃ ጀምሮ ይታይ» ከሚል ማስታወሻ ጋር ልከውልኝ ነበር፤ በዚህኛው ሥራ ግን እንዲህ ያለውን አልቀበልም።

ለመቁረጥ የምንጠቀመው ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው። ቪዲዮው ባለበት ፎልደር ውስጥ ተርሚናል ከፍታችሁ ትእዛዙን ጻፉ። ለምሳሌ ከ42 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ እስከ 57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ያለው ክፍል የተመደበለት ቡድን 3 የሚጽፈው ይህን ነው፦

```
ffmpeg -ss 00:42:10 -to 00:57:30 -i lecture5.mp4 -c copy group3.mp4
```

ቁጥሮቹ ከቪዲዮው መጀመሪያ የሚቆጠሩ ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ ናቸው። ሁለቱም ከ`-i` በፊት መግባታቸውን አደራ ተጠንቀቁ፤ `-to` ከ`-i` በኋላ ከተጻፈ ፕሮግራሙ ጊዜውን ከተቆረጠበት ቦታ እንደ አዲስ ስለሚቆጥር፣ በ15 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፈንታ 57 ደቂቃ ከግማሽ የሚሆን ቪዲዮ ይወጣላችኋል። እኔም ይህን ሳላስተውል አንድ ሙሉ ከሰዓት ያጠፋሁበት ጊዜ አለ።

`-c copy` ምስሉንና ድምፁን ሳይነካ እንዳለ ስለሚገለብጥ ሥራው በሰከንዶች ያልቃል፣ ጥራቱም አይቀንስም። ጉድለቱ ግን መነሻው ላይ ነው። ቪዲዮ እያንዳንዱን ምስል ሙሉ በሙሉ አይዝም፤ በየመሀሉ አንድ ሙሉ ምስል ያስቀምጥና እስከሚቀጥለው ድረስ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ስለዚህ የመረጣችሁት ሰከንድ ሙሉ ምስል ያለበት ካልሆነ፣ የተቆረጠው ቪዲዮ ጥቂት ሰከንዶች ቀድሞ ሊጀምር ወይም ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ለአፍታ ቆሞ ሊታይ ይችላል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢቀድም ነጥብ አልቀንስም። የሌላ ቡድን ዓረፍተ ነገር ከገባባችሁ ወይም ምስሉ ከቆመባችሁ ግን ቪዲዮው እንደገና እንዲሠራ የሚያደርገውን ይህን ትእዛዝ ተጠቀሙ፦

```
ffmpeg -ss 00:42:10 -to 00:57:30 -i lecture5.mp4 -c:v libx264 -c:a aac group3.mp4
```

ይህኛው እንደ ኮምፒውተራችሁ ፍጥነት ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላልና በመሀል አታቋርጡት። በዚያው ስም የተሠራ ፋይል ካለ ይተካ እንደሆነ ይጠይቃችኋል፤ የፊተኛው የማያስፈልጋችሁ ከሆነ `y` ብላችሁ ኢንተር ተጫኑ። የፋይሉ ስም ክፍት ቦታ ካለው በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት።

ከመላካችሁ በፊት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን 10 ሰከንድ አዳምጡ። ቡድን 3 «የካልቪን ዑደት» ከሚለው ርዕስ ላይ መጀመሩን፣ መምህሩም የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሳይቆረጥበት መጨረሱን ያረጋግጥ። የእናንተ ክፍል በዓረፍተ ነገር መሀል የሚያበቃ ከሆነ ጥፋቱ ደቂቃውን የመደብኩት የእኔ ስለሆነ፣ እስከ 5 ሰከንድ ጨምራችሁ ቁረጡና የጨመራችሁትን በጽሑፋችሁ መጀመሪያ ላይ ግለጹ።

የትምህርቱ መምህር