ለጎረቤቶቻችን፦ ከኅዳር 1 ጀምሮ የፓይል ቁፋሮ ልንጀምር ነው

ጤና ይስጥልን ጎረቤቶች።

ገርጂ መብራት ኃይል፣ ኮብልስቶኑ መንገድ ዳር በሰማያዊ ቆርቆሮ በታጠረው ግቢ ውስጥ ግንባታ የያዝነው እኛ ነን። ሰኞ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. የፓይል ሥራ፣ ማለትም ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በአርማታ የመሙላት ሥራ፣ እንጀምራለን። ሥራው ድምፅ አለው፣ ያውም ከባድ። ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ለመጨረስ ነው ያቀድነው፤ ስድስት ሳምንት መሆኑ ነው። ሰዓታችንን፣ ምን እንደምትሰሙ፣ ቤታችሁን እንዴት እንደምንጠብቅ፣ ስትቸገሩ ደግሞ ማንን እንደምታገኙ ከወዲሁ እንድታውቁ ነው ይህን የጻፍነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ይቅርታ አለብን። መስከረም ላይ የድሮውን ቤት ስናፈርስ ለማንም ሳንናገር ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረን ነበር። ከኋላችን ያሉ እናት የልጅ ልጃቸውን አቅፈው በር ላይ መጥተው "ቢያንስ ቀድማችሁ አትነግሩንም ነበር?" ብለውናል። ልክ ነበሩ። መንገር ነበረብን። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሰዓታችን ይሄ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል። እሁድ ሥራ የለም። በየቀኑ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ማሽን ሁሉ ይጠፋል፤ ሠራተኛው ምሳ የሚበላበት፣ ጎን ያለው መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ ልጆቹን የሚያስተኛበት ሰዓት ነው። ዓርብ ለጁምዓ ሲባል ከ6 እስከ 8 ሰዓት እናቆማለን። ኅዳር 12 የኅዳር ሚካኤል ዓርብ ላይ ስለዋለ የዚያን ቀን ጠዋቱን አንሠራም፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ብቻ ነው የምንገባው። ኅዳር ጽዮን እሁድ ላይ ስለዋለ ችግር የለውም።

ሠራተኞች 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሲገቡ ታያላችሁ። ልብስ ይቀይራሉ፣ ቁርስ ይበላሉ፣ ዕቃ ያዘጋጃሉ። ከ2 ሰዓት በፊት ግን ጄኔሬተር አይነሳም፣ ፌሮ አይወርድም፣ ማሽን አይሞቅም። ፌሮ ከመኪና ላይ መወርወርም ቀርቷል፤ በክሬን እንዲወርድ ተነግሯቸዋል። ከ2 ሰዓት በፊት ሞተር ከሰማችሁ ደውሉ። "ትንሽ ልታገሳቸው" አትበሉ፣ ያን ሰዓት እንድናከብር የምታደርጉን እናንተ ናችሁ።

አንድ ሌሊት ብቻ ልናስቸግራችሁ ነው። የቁፋሮ ማሽኑ፣ እኛ ሪግ የምንለው፣ በሎቤድ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ ቀን በዚህ ጠባብ መንገድ ቢገባ ሰፈሩ ሁሉ ይዘጋል። ስለዚህ ዓርብ ጥቅምት 28 ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ይገባል። ከበሩ ግራና ቀኝ መኪና የምታቆሙ ሰዎች የዚያን ቀን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አንሱልን። ማታ በር እያንኳኳን ባለመኪና ፍለጋ እንዳንዞር ነው።

አሁን ስለ ድምፁ። ሕንጻው ጂ+9 ነው፣ ከታች ሁለት ቤዝመንት አለው። ሰፈራችን ያለበት አፈር ዋልካ እንደሆነ አጥር ያጠረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ይህን አፈር ዝም ብሎ ወደ ታች መቆፈር ማለት የጎረቤትን ግድግዳ ወደ ጉድጓዱ መጋበዝ ነው። ፓይሎቹን በአጥሩ ዙሪያ የምንተክለው ለዚህ ነው። በጠቅላላው 62 ናቸው፤ ወርዳቸው 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀታቸው 14 ሜትር ነው። መጀመሪያ እነሱ ይገባሉ፣ የቤዝመንቱ ቁፋሮ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በቀን ሁለት ፓይል እንጨርሳለን ብለን ነው ስድስት ሳምንት ያልነው።

ከላይ እየደበደበ የሚተክል ማሽን አልመረጥንም። የእኛው እየቦረቦረ የሚገባ ስለሆነ ንዝረቱ ይቀንሳል፤ ግን ድምፅ የለውም ማለት አይደለም። ቀኑን ሙሉ የምትሰሙት የሞተሩ ጉርምርምታ ነው። እሱን ጆሮ ይለምደዋል። የሚያስደነግጠው ቦርቧሪው አፈሩን ይዞ ሲወጣ ነው፤ ዋልካ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ስለዚህ ማሽኑ ብረቱን ወዲያና ወዲህ እያንቀጫቀጨ ያራግፈዋል። ካን ካን የሚል የብረት ድምፅ ነው፣ በአንድ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ሌላው፣ የጉድጓዱ አፍ እንዳይናድ መጀመሪያ የምናስገባው የብረት ቱቦ ነው። እሱ በንዝረት ስለሚገባ ጥቂት ደቂቃ መስኮት ሊያንዘረዝር፣ ረከቦት ላይ ያለ ሲኒ ሊያንሿሿ ይችላል። ታች አለት ካጋጠመን ደግሞ በከባድ ብረት መፈርከስ ይኖራል። ከሁሉም የከፋው እሱ ነው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ብቻ እንዲሠራ ወስነናል። አለት ያገኘን ቀን በሩ ላይ ባለው ሰሌዳ እንጽፋለን፣ በኮሚቴያችሁ የቴሌግራም ግሩፕም እናሳውቃለን።

በአገራችን የድምፅ መመሪያ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሪጉ አጥር ሥር ሲሆን በአጠገቡ ያለ ቤት ከ55 በላይ እንደሚሰማ አንክድም። ማድረግ የምንችለው ጄኔሬተሩን ከመኖሪያ ቤቶች ማራቅ (ወደ ዋናው መንገድ አዙረነዋል)፣ በኮንዶሚኒየሙ በኩል ያለውን ቆርቆሮ ከውስጥ በከባድ ሸራ መደረብና ሰዓታችንን አለማለፍ ነው።

ሰዓት የሚያልፍበት አንድ ምክንያት አለ፣ እሱም አርማታ ነው። አንድ ጉድጓድ መሙላት ከተጀመረ መሃል ላይ አይቆምም፤ የታችኛው ከደረቀ በኋላ የሚጨመረው በደንብ አይያያዝም፣ ፓይሉ ይበላሻል። ሚክሰር መገናኛ ላይ ትራፊክ ውስጥ ተቀርቅሮ የሚዘገይበት ቀን ይኖራል። እስከ 10 ሰዓት ግቢ ከደረሰ እንሞላለን፤ ቢመሽ እስከ 12 ሰዓት ቢቆይ ነው፣ ቁፋሮም አብሮ አይኖርም። ከ10 ሰዓት በኋላ ከመጣ እንመልሰዋለን። ጉድጓዱን በአፈር ሞልተን በማግስቱ እንደገና እንቆፍራለን። ለኛ ኪሳራ ነው፣ ግን ምሽቱ የእናንተ ነው።

ቅደም ተከተሉም ይጠቅማችኋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በኮንዶሚኒየሙ በኩል ነን፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ሳምንታት ከኋላ ባሉት የጭቃ ቤቶች በኩል፣ ከዚያ ወደ መንገዱ እንወጣለን። አራስ፣ ሕመምተኛ፣ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን የሚተኛ፣ ፈተና ያለበት ልጅ ያለበት ቤት ካለ ከወዲሁ ንገሩን። የፓይሎቹን ተራ ማቀያየር እንችላለን። ሁሉንም ማስደሰት ባንችልም አንድ ጠዋት ከአንድ ቤት ማራቅ አያቅተንም።

ለቅሶም አለ። ሰው ነን፣ ሰፈር ነው። ከአጥራችን ጋር በሚዋሰኑ ቤቶች ሐዘን ከደረሰ የእድሩ ሰው መጥቶ ይንገረን፣ በሌሊትም ቢሆን ለጥበቃው ይንገር። የቀብሩ ቀን ማሽን አይነሳም። ድንኳኑ ተተክሎ ባለበት ሌሎች ቀናት ደግሞ በዚያ በኩል ካለው አጥር ርቀን እንሠራለን።

ስለ ግድግዳ ስንጥቅ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። ከሐሙስ ጥቅምት 20 እስከ ሐሙስ ጥቅምት 27 ሁለት ሰዎች በየቤቱ ይመጣሉ፤ አንድ መሐንዲስና ከኮሚቴያችሁ አንድ ሰው። መታወቂያ ጠይቋቸው። ከውስጥም ከውጭም ግድግዳውን ፎቶ ያነሳሉ፣ አሁን ያለውን ስንጥቅ ይለካሉ፣ ወረቀቱን ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ፣ አንድ ኮፒ ለእናንተ ይቀራል። ስንጥቅ ያለበት ቦታ ላይ ከወዲያ ወዲህ ትንሽ ጄሶ ለጥፈው በእርሳስ ቀን ይጽፉበታል። ጄሶ አይለጠጥም። ግድግዳው ጥቂት እንኳ ቢንቀሳቀስ እሱ ቀድሞ ይሰነጠቃል፣ በዚያ እናውቃለን። እባካችሁ ቀለም አትቀቡበት፣ ልጆችም እንዳይፍቁት። በየሳምንቱ ሰኞ እየመጣን እናየዋለን። በእኛ ሥራ የመጣ ጉዳት ከሆነ የምንጠግነው እኛ ነን፣ በራሳችን ወጪ፤ በፈረማችሁት ወረቀት ላይም ተጽፏል። ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩም በሩን ክፈቱልን፣ ለአከራያችሁ ኮፒ እንሰጣለን።

በሥራው መሃል አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ወይም በር ድንገት አልዘጋ፣ አልከፈት ካለ፣ ጊዜ አትስጡት። በዚያው ደቂቃ ደውሉ። በዚያ በኩል ያለው ቁፋሮ ወዲያው ይቆማል፣ መሐንዲሱ አይቶ ሳይፈቅድ አይቀጥልም።

ጭቃና አቧራን በተመለከተ፣ የመኪና ጎማ በር ላይ ታጥቦ ይወጣል፣ ኮብልስቶኑ ማታ ማታ ይጠረጋል። ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ከባድ መኪና አናስገባም፣ አናስወጣም።

ቅሬታ ያለው ሰው 0900 00 00 47 ይደውል። ይህ ስልክ የጎረቤት ጉዳይ ተጠሪያችን ጋ ነው ያለው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ታነሳለች፤ ከዚያ ውጭና እሁድ የጥበቃው ኃላፊ ያነሳል። ካልተነሳ መልእክት ላኩ፣ እንደውላለን። ስልክ የማይመቸው በሩ አጠገብ ያለችው አረንጓዴ የጥበቃ ቤት ውስጥ መዝገብ አለ፣ ስሙንና የቤት ቁጥሩን ጽፎ ቁጥር ይቀበል። መጻፍ ለማይችሉ አባቶችና እናቶች ጥበቃው ይጽፍላቸዋል፣ ያነብላቸዋል። የድምፅና የሰዓት ቅሬታ በዚያው ቀን መልስ ያገኛል፤ ሌላው በ24 ሰዓት ውስጥ። መልሳችን ካላረካችሁ ወረዳው ላይ ለግንባታ ቁጥጥሩ ማመልከት መብታችሁ ነው። መዝገቡን ደብቀን አናስቀምጥም፣ ለሚጠይቅ ሁሉ እናሳያለን።

እሁድ ጥቅምት 23 ከቀኑ 8 ሰዓት በእድሩ አዳራሽ እንገናኝ። ካርታውን ይዘን እንመጣለን፤ የትኛው ፓይል የማን ቤት አጠገብ እንደሆነ በጣታችሁ እየጠቆማችሁ ትጠይቁናላችሁ። ሰዓቱ አይመቸንም የምትሉ ካላችሁ ያኔ ንገሩን፣ ሥራው ሳይጀመር መቀየር ይቀለናል።

የሳይቱ ኃላፊ መሐንዲስ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ