ከሱስ ለሚያገግም ሰው የየዕለት የጠዋት ጸሎት

ከአልጋ እንደተነሡ፣ ስልክ ከመንካት በፊት፣ ቢቻል ድምፅን አውጥቶ የሚጸለይ።

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

አቤቱ አምላኬ ሆይ፣ ሌሊቱን አሳልፈህ ለዚህ ጠዋት ስላደረስኸኝ አመሰግንሃለሁ። ከእኔ ይልቅ ጠንካራ የነበሩ፣ ከእኔ ይልቅ የሚጸልዩ፣ በዚሁ በሽታ ተይዘው ሳይነጋላቸው ቀርተዋል። እኔ ለምን እንደተረፍሁ አላውቅም። በሕይወት ስላኖርኸኝ ግን ምስጋናዬን ሳላቀርብ ከዚህ ክፍል አልወጣም።

እጆቼን ወደ አንተ እዘረጋለሁ። እያቸው ጌታዬ፣ አይንቀጠቀጡም። አንድ ብርጭቆ ውኃ ሳላፈስ ወደ አፌ ማድረስ የሚያቅተኝ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ጥርሴ ከጠርዙ ጋር የሚጋጭበት ጠዋት ነበረ። ለሌላ ሰው ብነግረው ቀላል ነገር ይመስለው ይሆናል። አንተ ግን እነዚያን ጠዋቶች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለህ፤ ስለ ጸኑት ጣቶቼ አመሰግንሃለሁ።

ጌታ ሆይ፣ የምለምንህ የዛሬን ብቻ ነው። ለሕዝብህ በምድረ በዳ መና ስታወርድላቸው የዕለት የዕለቱን እንዲለቅሙ አዘዝሃቸው፤ ለነገ ብለው ያስቀሩት ተልቶ ሸተተ። እኔም ለዓመት የሚሆን ብርታት በአንድ ጊዜ ልሰብስብ ስል ነው የምደክመው። «ዕድሜ ልኬን ሳልጠጣ እንዴት እኖራለሁ?» ብዬ ማሰብ ስጀምር ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ሠርጉ፣ ለቅሶው፣ በዓሉ፣ ገና ያልመጣው ኀዘን ሁሉ ባንድ ላይ ይቆምብኛል። ስለዚህ ከዛሬ አልፎ ወደ ነገ የሚሮጠውን አሳቤን ያዝልኝ። ከአሁን ጀምሮ ተመልሼ እስክተኛ ድረስ የሚበቃኝን ስጠኝ። ቀኑ ሙሉውን ከከበደኝም እስከ ምሳ ሰዓት የሚያደርሰኝን ስጠኝ፤ ከዚያ በኋላ ተመልሼ እለምንሃለሁ።

ሐራራው ሲመጣብኝ ከእኔ አትራቅ። መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። አንዳንዴ በንዴት ጊዜ ይመጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይጎድለኝ፣ ደስ ብሎኝ በተቀመጥሁበት፣ በአንድ የዘፈን ድምፅ ወይም ከአጠገቤ ባለፈ ሰው ልብስ ሽታ ይመጣል። አፌ ይደርቃል፤ ደረቴ ይጨነቃል፤ ካልጠጣሁ የምሞት ይመስለኛል። ያን ጊዜ አስታውሰኝ፦ ሐራራ ይነሣል፣ ይበረታል፣ ደግሞም ይወርዳል። የማያልፍ መስሎ ይመጣና በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። ተዋግቼ እንዳሸንፈው እንኳ አልለምንህም፤ እስኪያልፍ ድረስ ካለሁበት ቦታ ተነሥቼ እንድወጣ እግሬን አበርታልኝ። ልሂድ፤ ውኃ ልጠጣ፤ ፊቴን ልታጠብ፤ ስምህን ልጥራ። አንተ እስኪያልፍ ድረስ ከእኔ ጋር ቁም።

ልቤን ከሽንገላው ጠብቅልኝ። እስራኤል ከባርነት ከወጡ በኋላ በግብፅ የበሉትን ዓሣና ሽንኩርት እያሰቡ አለቀሱ፤ የጀርባቸውን ግርፋት ግን ረሱት። የእኔም ልብ እንዲሁ ያደርገኛል። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሙቀት፣ የጓደኞቼን ሳቅ፣ ያንን የመቅለል ስሜት አሳምሮ ያሳየኛል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ይደብቅብኛል። መጨረሻውን አሳየኝ። ጎህ ሲቀድ ጫማዬን ሳላወልቅ በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ የተኛሁበትን፣ ልጄም በሩን እያንኳኳች «አባዬ፣ ትምህርት ቤት ረፈደብኝ» ያለችበትን ቀን አሳየኝ። እንድሰቃይበት አይደለም የምለምንህ፤ ይቅር እንዳልኸኝ አምናለሁ። «አንድ ብቻ ብትቀምስ ምን አለ?» የሚለው ድምፅ ሲመጣ፣ ለእኔ አንድ የሚባል ነገር እንደሌለ እንዳልረሳ ነው።

ነቢይህ ኤልያስ ከዛፍ ሥር ተጋድሞ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰዳት» ባለህ ጊዜ አልተቆጣኸውም። እንዲተኛ ተውኸው፤ መልአክህን ልከህም አበላኸው፣ አጠጣኸው፤ ደግሞ ተኛ፤ ደግሞ አበላኸው። መንገዱ እንደሚበዛበት የነገርኸውም በዚህ በሁለተኛው ጊዜ ነው። ይህን ሳስብ እጽናናለሁ፤ የሥጋዬን ድካም ታውቃለህና። ስራብ፣ ስናደድ፣ ብቸኝነት ሲይዘኝ፣ እንቅልፍ ሲያጥረኝ የምጠማው መጠጥ ይመስለኛል፤ የሚያስፈልገኝ ግን ምግብ፣ ዕረፍት፣ ወይም የሰው ድምፅ ነው። ለይቼ እንዳውቀው ልቡና ስጠኝ። ቁርሴን ሳልበላ እንዳልወጣ፣ በሰዓቱ እንድተኛ፣ ሥራ በዝቷል ብዬ ራሴን እንዳልጥል እርዳኝ። ሐኪሙ ያዘዘልኝን ክኒን ስውጥም እምነት እንደጎደለው ሰው ራሴን እንዳልኰንን አድርገኝ። ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የሰጠኸኝ አንተ ነህ።

ስለ ሚስቴ እጸልያለሁ። ማታ በር ስትከፍትልኝ ሰላም እያለችኝ ትንፋሼን ታሸታለች። እንዳላየሁ አድርጌ አልፋለሁ፤ በውስጤ ግን ያንገበግበኛል። ጌታ ሆይ፣ ይህ አያስቆጣኝ። ያ ፍርሃት በእርስዋ ላይ የመጣው በእኔ ነው፤ በእኔ መሐላ ብዛትም አይጠፋም። «እስከ መቼ አታምኚኝም?» የሚል ቃል ከአፌ አይውጣ። በሰዓቱ ገብቼ፣ ያልሁትን አድርጌ፣ ደግሞ በማግስቱ ያንኑ አድርጌ እንድኖር አድርገኝ፤ የቀረውን ለአንተ እተዋለሁ። የእርስዋንም ቁስል አንተ ዳስስ። እኔ ስታመም ሁሉም የጠየቀው ስለ እኔ ነበር፤ እርስዋን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ያላት ጥቂት ነው። የሚያዳምጣት ሰው ስጣት፤ እኔንም የሚያዳምጥ አድርገኝ።

ልጄን ባርክልኝ። ዛሬ ከትምህርት ቤት እኔ እንደምወስዳት ነግሬአታለሁ፤ «እሺ» ብላኛለች፤ ዓይኗ ግን አላመነኝም። በዘጠኝ ሰዓት ተኩል በዚያ በር ላይ አቁመኝ።

የድሮ ባልንጀሮቼን አልጠላቸውም፣ አንተም እንድትጠላቸው አልለምንህም። እኔ የታመምሁትን በሽታ የታመሙ ናቸው። ነገር ግን ዛሬ ቢደውሉልኝ «አልመጣም» የምልበት አፍ ስጠኝ፤ ሰበብ ሳልደረድር፣ ሳልዋሽ፣ ሳላቅማማ። ደሞዝ በምቀበልበት ቀን ገንዘቡ በኪሴ ሳይሞቅ ለቤቴ እንዲደርስ አድርግ። ወደ መጠጥ ቤቱ በሚያስኬደው መንገድ አላልፍም፤ በሌላው መንገድ እዞራለሁ፤ ረጅም ቢሆንም እግሬ አይሰልች።

ትዕቢትንም አርቅልኝ። «አሁንስ ድኛለሁ» ማለት ስጀምር፣ ከሱስ ከሚያገግሙት ጋር ከምንገናኝበት ስብሰባ መቅረት ሲያምረኝ፣ አማካሪዬ ሲጠይቀኝ «ደኅና ነኝ» ብዬ ማለፍ ስጀምር ቶሎ አንቃኝ። በዚህ መንገድ ከእኔ በፊት የሄደውን ወንድሜን ስለሰጠኸኝ አመሰግንሃለሁ፤ «በማንኛውም ሰዓት ደውል» ብሎኛል፣ የምሩንም ነው። ሲጨንቀኝ ግን ስልኩ በእጄ ላይ ይከብደኛል፤ ኀፍረት ጣቴን ይይዘዋል። ከሁሉ ይልቅ የምለምንህ ይህን ነው፦ ከመውደቄ በፊት እንድደውል ድፍረት ስጠኝ። ሱሴ በድብቅ ነው ያደገው፤ ብቻዬን በምሆንበትና የምደብቀው ነገር ባለኝ ጊዜ ሁሉ ይበረታል። ስለዚህ የምደብቀው ነገር አይኑረኝ። ዛሬ የፈተነኝን ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ልናገር።

በመጠጥ ስለ በደልኋቸው ሰዎች አስበኝ። ይቅርታ ልጠይቅ የምችለውን፣ ጊዜው ሲደርስ፣ እንድጠይቅ አድርገኝ፤ ገንዘብ ያለብኝን ቀስ በቀስ እንድከፍል ሥራዬን ባርክ። መቅረቤ የሚጎዳቸውን ደግሞ ከሩቅ እንድጸልይላቸው አስተምረኝ፤ የኅሊናዬን ሸክም ለማቅለል ብዬ የሌላውን ቁስል አልነካካ።

በዚህ ሰዓት ገና በሱስ ውስጥ ስላሉት እለምንሃለሁ። ዛሬ ሊያቆሙ የቈረጡትን ምራቸው። ለዓመታት የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ሰውነቱ በኃይል ሊንቀጠቀጥ፣ ነፍሱም ልታልፍ ትችላለችና በር ዘግተው ብቻቸውን እንዳይታገሉ ወደ ሐኪም አድርሳቸው። አቁመው ቆይተው ወደ አደንዛዥ ዕፅ የተመለሱትን ጠብቅ፤ ሰውነታቸው የድሮውን መጠን መሸከም እንደማይችል ሳያውቁ የሞቱትን ነፍሳቸውን ማር። የእናቶቻቸውን እንባ አብስ።

[ባገረሸ ማግስት ይህ ይጨመራል፦

ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ትናንት ወድቄአለሁ። ስምህን ለመጥራት እንኳ አፍራለሁ። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ አላውቀውም ብሎህ ሳለ፣ ሲነጋ በባሕሩ ዳር ፍም አንድደህ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅተህ «ኑ፣ ብሉ» ብለህ ጠራኸው። ክህደቱን በሰው ፊት አላወራህበትም፤ «ትወደኛለህን?» ብለህ ጠየቅኸው። እኔንም ጥራኝ። «አንዴ ከፈረሰ ፈረሰ፣ ዛሬንም ጠጣ» የሚለኝን ውሸት ዝም አሰኝ። እስከ ትናንት ያሳለፍኋቸው ንጹሕ ቀናት ከንቱ አልሆኑም፤ የተማርሁባቸውን አልረሳም። የሆነውን ከቀትር በፊት ለወንድሜና ለሐኪሜ እንድናገር አድርገኝ፤ ሚስቴም ከሌላ ሰው ሳትሰማ ከእኔ ትስማ።]

አቤቱ፣ ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ፤ የቀናውንም መንፈስ በውስጤ አድስ። ዛሬ በማገኘው ሰው ሁሉ ፊት እውነተኛ አድርገኝ። ሳቅ ካለ ልሳቅ፤ ኀዘን ከመጣ ልዘን፤ የሚሰማኝን ሁሉ ሳላደነዝዝ እንድሸከም ትከሻዬን አጽና። ደስታም እንደ ሐራራ ያስፈራኛል ጌታዬ፤ ያለ መጠጥ ደስ መሰኘትን እንደ አዲስ እየተማርሁ ነውና ታገሠኝ።

አሁን ቁርሴን በልቼ፣ ክኒኔን ወስጄ፣ ለወንድሜ «ነቅቻለሁ» ብዬ ልኬለት ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። አንተ ቀድመኸኝ ውጣ።

አቡነ ዘበሰማያት።

አሜን።